ሁለት ሊትር ትንፋሽ፣ ሁለት ዓይነት ሕመም

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉት የምዕራብ ጎጃም ቀበሌዎች ሳንባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ለሐኪም የሚነግሩት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ውኃ ተሸክመው ከምንጭ ሲመለሱ መንገድ ላይ ማረፍ ግድ ይሆንባቸዋል፣ ጠዋት ጠዋት ያስላቸዋል፣ ደረታቸውን አፍኖ ይይዛቸዋል። ቃላቸው አንድ ይሁን እንጂ ከበስተኋላው ያለው ችግር ቢያንስ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው አየር የሚተላለፍባቸው ቱቦዎች ጠበው አየሩ በጊዜው መውጣት አለመቻሉ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳንባው ወይም ሳንባውን የያዘው ደረት በሚገባው መጠን መስፋት ስላቃተው የሚገባው አየር ራሱ ማነሱ ነው። ሐኪሞች የመጀመሪያውን ኦብስትራክቲቭ፣ ሁለተኛውን ሪስትሪክቲቭ ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው የቱቦ ጥበት፣ ሁለተኛው የሳንባ አለመስፋት እየተባለ ይጠራል። ሁለቱን ለመለየት በቅድሚያ የሚያገለግለው መሣሪያ ስፓይሮሜትር ነው፤ ሥራውም አንድ ሰው ምን ያህል አየር በምን ያህል ጊዜ እንዳስወጣ መለካት ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ከቶ የማያየው አየር ስላለ፣ ውጤቱን የሚያነብ ባለሙያ ያልተለካው አየር የት እንደቀረ ካላሰበ አንዱን ሕመም በሌላው ስም ሊጠራው ይችላል።

ጤነኛ ጎልማሳ ወንድ አረፍ ብሎ ተቀምጦ ሳለ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባውና የሚያስወጣው አየር ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ ይህም የዘወትር ትንፋሽ መጠን ይባላል። ይኸው ሰው የዘወትሩን አየር ካስገባ በኋላ አቅሙ የቻለውን ያህል ጨምሮ ቢስብ ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ተጨማሪ አየር ያስገባል፤ በአንጻሩም የዘወትሩን አየር ካስወጣ በኋላ ሆዱንና ደረቱን ጨምቆ እስከ መጨረሻው ቢተነፍስ 1.1 ሊትር ያህል ተጨማሪ ያስወጣል። እነዚህ ሁለቱ ሳንባ ለዳገት፣ ለሸክምና ለሩጫ ያስቀመጣቸው መጠባበቂያዎች ናቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላም ሳንባ ባዶ አይሆንም፤ ሰውየው የቱንም ያህል ቢጨምቅ የማይወጣ 1.2 ሊትር ያህል አየር ውስጥ ይቀራል፤ ስሙም ቀሪ አየር ነው። መጠን የሚባሉት እነዚህ አራቱ ሲሆኑ፣ አቅም የሚባለው ከመጠኖቹ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ተደምረው የሚገኘው ድምር ነው። የዘወትሩ ትንፋሽና ሁለቱ መጠባበቂያዎች ሲደመሩ 4.6 ሊትር ይሆናሉ፤ ይህ አንድ ሰው ሳንባውን ሞልቶ ከሳበ በኋላ እስከ መጨረሻው ሊያስወጣው የሚችለው አየር ነውና የትንፋሽ ሙሉ አቅም ይባላል። በዚያ ላይ ቀሪው አየር ሲጨመር 5.8 ሊትር ይመጣል፤ ይህም ጠቅላላ የሳንባ አቅም ነው። ቁጥሮቹ ለአንድ መካከለኛ ቁመት ላለው ወንድ የሚነገሩ ግምቶች ናቸው፤ በሴት ያንሳሉ፣ በረዥም ሰው ይበልጣሉ፣ ዕድሜ ሲገፋም ይለዋወጣሉ።

ስፓይሮሜትር የሚቆጥረው በአፍ በኩል ያለፈውን አየር ብቻ ነው። በመሆኑም የትንፋሽን ሙሉ አቅም መለካት ሲችል ቀሪውን አየር፣ ቀሪው አየር በመነሻነት የሚገባበትን ጠቅላላ የሳንባ አቅምም፣ በዘወትር ትንፋሽ መጨረሻ ላይ በሳንባ ውስጥ የሚኖረውንም አየር ሊለካ አይችልም። እነዚህን ለማወቅ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፤ አንደኛው መጠኑ የታወቀ ሂሊየም የተባለ ጋዝ ታማሚው ደጋግሞ እንዲተነፍሰው አድርጎ ጋዙ በሳንባ ውስጥ ካለው አየር ጋር ሲቀላቀል ምን ያህል እንደሳሳ ማስላት ነው፤ ሌላው ታማሚውን ዙሪያው በተዘጋ የመስታወት ክፍል ውስጥ አስቀምጦ የግፊቱን ለውጥ መለካት ነው። ሁለቱም ውድና ሠፊ ቦታ የሚሹ ስለሆኑ በትልልቅ የምርምርና የስፔሻሊቲ ማዕከላት የሚገኙ እንጂ በየወረዳው የሚዳረሱ አይደሉም። ይህ ልዩነት ተራ የመሣሪያ ጉዳይ መስሎ ይታይ እንጂ፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው የምርመራው ንባብ በሙሉ የሚንጠለጠልበት ነጥብ ነው።

መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1846 ለዓለም ያስተዋወቀው ጆን ሐቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። መርከበኞችን፣ ፖሊሶችንና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጨምሮ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎችን ለክቶ የትንፋሽ ሙሉ አቅም ከሰው ቁመት ጋር እንደሚጨምር አሳየ፤ ይህ ግኝት ዛሬም ድረስ የምርመራው መሠረት ነው። ሐቺንሰን የለካው ግን የአየሩን ብዛት እንጂ የፍጥነቱን ነገር አልነበረም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ፈረንሳዊው ሮበር ቲፍኖ ከባልደረባው ከፒኔሊ ጋር ሆኖ ሰዓትን ወደ ምርመራው አስገባ፤ ታማሚው ሳንባውን ሞልቶ ከሳበ በኋላ ባለ በሌለ ኃይሉ እንዲተነፍስ ተደርጎ በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ የወጣው አየር ብቻውን ይለካና ከሙሉው ጋር ይነጻጸራል። ዛሬ በመሣሪያው ገጽ ላይ FVC ተብሎ የሚነበበው በኃይል የወጣው ጠቅላላ አየር ነው፤ FEV1 ተብሎ የሚነበበው የመጀመሪያው ሰከንድ አየር ነው፤ FEV1/FVC ደግሞ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ተካፍሎ የሚገኘው ድርሻ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ከሙሉው አየር ከመቶ ከ75 እስከ 80 የሚሆነውን በመጀመሪያው ሰከንድ ያስወጣል፤ ስለዚህ ድርሻው 0.75 ወይም 0.80 አካባቢ ይሆናል።

ድርሻው በሁለቱ ሕመሞች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄድበትን ምክንያት የቀጥቃጩ ወናፍ በሚገባ ያስረዳል። የወናፉ ቆዳ ደህና ሆኖ አፉ ላይ ያለው ቀዳዳ በጭቃ ቢጠብ አየሩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ቀጥቃጩ ቢጫነውም ቀስ እያለ ብቻ ይወጣል፤ ቀዳዳው ደህና ሆኖ ቆዳው ደርቆ ቢኮማተር ግን ያለችው ጥቂት አየር በአንድ ጭነት ፈጥና ትወጣለች፤ ችግሩ የአየሩ ማነስ ነው። በቱቦ ጥበት የመጀመሪያው ሰከንድ አየር ከሙሉው ይልቅ በብዙ ስለሚቀንስ ድርሻው ይወርዳል። በሳንባ አለመስፋት ሁለቱም አብረው ስለሚቀንሱ ድርሻው እንዳለ ይቆያል፤ የጠነከረው ሳንባ ቱቦዎቹን ዙሪያውን ወጥሮ ክፍት አድርጎ ስለሚይዛቸው እንዲያውም ከፍ ሊል ይችላል። ሳንባ ከወናፍ የሚለይበት አንድ ነገር ግን አለ፤ የሳንባ ትናንሽ ቱቦዎች ግድግዳቸው ለስላሳ ነውና ታማሚው አምርሮ በገፋ ቁጥር በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ራሳቸውን ቱቦዎቹን ይጫናቸዋል። በተለይም የቱቦዎቹ ድጋፍ የሆነው የሳንባ ሥጋ በጢስ ወይም በሲጋራ ከላላ አንዳንዶቹ ቱቦዎች አየሩ ሳያልቅ ይዘጋሉ፤ ከእነርሱ ወዲያ ያለውም አየር ተቆልፎ ይቀራል። የቱቦ ጥበት ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ትንፋሽም የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ለምሳሌ ያህል የታሰቡ ሁለት ሴቶችን ጎን ለጎን ማቅረብ ይጠቅማል። ሁለቱም ዕድሜያቸው 50 ነው፤ የሁለቱም ትክክለኛ ቁመት 158 ሳንቲ ሜትር ነው ይባል። በዚህ ዕድሜና ቁመት ላለች ጤነኛ ሴት የሚጠበቀው ሙሉ የኃይል ትንፋሽ 2.9 ሊትር፣ የመጀመሪያው ሰከንድ አየር 2.3 ሊትር፣ ቀሪው አየር 1.7 ሊትር፣ ጠቅላላ የሳንባ አቅም 4.6 ሊትር ነው ተብሎ ይያዝ። የመጀመሪያዋ ሴት ከቡሬ ወጣ ባለ ቀበሌ የምትኖር፣ ሲጋራ ቀምሳ የማታውቅ፣ ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ በሦስት ጉልቻ ላይ በባሕር ዛፍ ቅጠል፣ በጭራሮና በኩበት እንጀራ ስትጋግርና ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ናት። ሁለተኛዋ በወጣትነቷ የአከርካሪ አጥንት ነቀርሳ ይዟት ታክማ የዳነች፣ ነገር ግን ጀርባዋ ጎብጦ የቀረ ናት። ሁለቱም ስፓይሮሜትር ላይ ተቀምጠው ቢተነፍሱ ሙሉው ትንፋሻቸው እኩል 2.0 ሊትር ሆኖ ተገኘ እንበል፤ ይህም ከሚጠበቀው ከመቶ 69 ያህሉ ብቻ ነው።

ሙሉውን ትንፋሽ ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም አንድ ዓይነት ሕመም አላቸው ሊል ይችላል። የመጀመሪያው ሰከንድ አየር ሲታይ ግን የመጀመሪያዋ 1.0 ሊትር፣ ሁለተኛዋ 1.7 ሊትር አስወጥተዋል፤ ድርሻው በመጀመሪያዋ 0.50፣ በሁለተኛዋ 0.85 ይሆናል። የመጀመሪያዋ ቱቦዎቿ ጠበዋል፤ ሁለተኛዋ ቱቦዎቿ ክፍት ናቸው፣ ነገር ግን የጎበጠው ደረት ሳንባዋን አያሰፋውም። ስፓይሮሜትር የማያየው አየር በሌላ መሣሪያ ቢለካ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል፤ የመጀመሪያዋ ሴት ቀሪ አየር 3.1 ሊትር ሆኖ ቢገኝ ጠቅላላ የሳንባ አቅሟ 5.1 ሊትር ነው፤ ይኸውም ከሚጠበቀው የሚበልጥ ነው። ሳንባዋ አልጠበበም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ተነፍቷል፤ የጎደለው ሁሉ ወደ ቀሪው አየር ተሸጋግሮ ተቆልፏል። የሁለተኛዋ ቀሪ አየር 1.2 ሊትር ቢሆን ጠቅላላ አቅሟ 3.2 ሊትር፣ ማለትም ከሚጠበቀው ከመቶ 70 ያህሉ ይሆናል፤ እርሷ ዘንድ የጎደለው አየር የትም አልተደበቀም፣ ከመጀመሪያውም አልገባም። እኩል የሆነው 2.0 ሊትር የሁለት ፍጹም ተቃራኒ ነገሮች ምልክት ነው።

ከዚህ የተነሣ ውጤት ሲነበብ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። በቅድሚያ የሚታየው ድርሻው ነው፤ ድርሻው ከወረደ የቱቦ ጥበት አለ፣ የሙሉው ትንፋሽ ማነስም በተቆለፈ አየር ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን የሳንባ አለመስፋት ተብሎ አይተረጎምም። ድርሻው ደህና ሆኖ ሙሉው ትንፋሽ ካነሰ የሳንባ አለመስፋት ይጠረጠራል። መጠርጠር የሚለው ቃል እዚህ ላይ በሙሉ ክብደቱ መወሰድ አለበት። በካናዳ አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት 1,831 ታማሚዎች በስፓይሮሜትርም በጠቅላላ አቅም መለኪያም ተመርምረው፣ ድርሻቸው ደህና ሆኖ ሙሉ ትንፋሻቸው ካነሰባቸው መካከል ሳንባቸው በእርግጥ ጠቦ የተገኘው ከመቶ 58 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ሙሉ ትንፋሻቸው ደህና ከነበረላቸው መካከል ግን ሳንባቸው የጠበበው ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞሉም። ስፓይሮሜትር የሳንባ አለመስፋት የለም ሲል በጣም ይታመናል፤ አለ ሲል ግን ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

አንዱን ሕመም በሌላው ከሚያስለውጡት ምክንያቶች ሁሉ በተግባር የሚበዛው ታማሚው ትንፋሹን ሳይጨርስ ማቆሙ ነው። ቱቦው የጠበበበት ሰው አየሩን ጨርሶ ለማስወጣት አሥር ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊፈጅበት ይችላል፤ ገና በሁለተኛው ሰከንድ ሲደክመው ካቆመ ግን መሣሪያው እስከዚያ የወጣውን ሙሉ ትንፋሽ አድርጎ ይመዘግበዋል። ከላይ የተጠቀሰችው የቡሬዋ ሴት በሁለተኛው ሰከንድ ብታቆምና እስከዚያ የወጣው 1.4 ሊትር ቢሆን፣ የመጀመሪያው ሰከንድ አየሯ ያው 1.0 ሊትር ስለሆነ ድርሻው 0.71 ይመጣል፤ ወረቀቱም ድርሻዋ በስፋት ከሚሠራበት የ0.70 ድንበር በላይ ስለሆነ ደህና፣ ሙሉ ትንፋሿ ግን ከሚጠበቀው ግማሽ ያህል ነው ይላል። ይህን ያነበበ ባለሙያ ሳንባዋ አልሰፋም ብሎ ይደመድማል፤ የሚረዳት የሚነፋ መድኃኒትም ሳይታዘዝላት ይቀራል። ስሕተቱን የሚያጋልጠው ቁጥሩ ሳይሆን ሥዕሉ ነው። መሣሪያው አየሩን ከጊዜ ጋር አድርጎ የሚሥለው መስመር በመጀመሪያ ሽቅብ ይወጣና ቀስ በቀስ ይጋደማል፤ ትንፋሹ አለቀ የሚባለው መስመሩ ለጥ ብሎ ሲተኛ፣ ማለትም በመጨረሻው አንድ ሰከንድ የተጨመረው አየር ከ25 ሚሊ ሊትር ሲያንስ ነው። መስመሩ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ በድንገት ከተቆረጠ ቁጥሩ መነበብ የለበትም።

አየሩን ከፍጥነቱ ጋር የሚያሳየው ሁለተኛው ሥዕልም የራሱ ምስክርነት አለው። በጤነኛ ሰው መስመሩ ወዲያው ሾጥጦ ወደ ጫፍ ይወጣና ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በቱቦ ጥበት ጫፉ ዝቅ ብሎ የሚወርደው መስመር ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ በሳንባ አለመስፋት ደግሞ ቅርጹ የጤነኛ ሆኖ ስፋቱ ብቻ ይጠባል። በዓይን የለመደው ባለሙያ ቁጥሩን ሳያይ ከቅርጹ ብቻ ብዙ ነገር ይረዳል፤ ቁጥሩና ቅርጹ ካልተስማሙም ይበልጥ መታመን ያለበት ቅርጹ ነው።

የምርመራው ጥራት የሚወሰነው በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በታማሚውና በመርማሪው መካከል በሚሆነው ነገር ነው። መሣሪያው በሥራ ቀን ጠዋት 3 ሊትር በሚይዝ መርፌ መሰል መለኪያ ይፈተሻል፤ ንባቡ ከ2.91 እስከ 3.09 ሊትር ውስጥ መውደቅ ይኖርበታል። በሳንባ ውስጥ ሞቆ የነበረው አየር ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሲወጣ ስለሚኮማተር፣ መሣሪያው የክፍሉን ሙቀትና የአካባቢውን የአየር ግፊት በትክክል ማወቅ አለበት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ባሉት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተሞላውን የግፊት ቁጥር ሳይቀይሩ መተው አግባብ አይደለም። ታማሚዋ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ፣ እግሯን መሬት አስነክታ ትቀመጣለች፤ ወገቧ ላይ ጠብቆ የታሰረው መቀነት መላላት አለበት፣ ሆድን አንቆ የሚይዝ ነገር ትንፋሽን በእርግጥ ይቀንሳልና። አፍንጫዋ በመቆንጠጫ ይያዛል፤ ከንፈሯ መንፊያውን አየር በማያስወጣ አኳኋን ይገጥማል። ሳንባዋን ሞልታ ከሳበች በኋላ ሳትዘገይ ባለ በሌለ ኃይሏ ትተነፍሳለች፤ መርማሪውም እስከ መስመሩ መተኛት ድረስ ከፊቷ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እማማ፣ ይንፉ፣ ይንፉ፣ አሁንም አለ፣ አይተዉት፣ ይጨምቁ» እያለ ይገፋፋታል። በዕድሜ የገፉ እናቶች በሰው ፊት እንዲህ አፍ ሞልቶ መተንፈስ ነውር መስሏቸው በለሆሳስ ስለሚጀምሩ፣ መርማሪው አስቀድሞ ራሱ አድርጎ ቢያሳያቸው ከብዙ ማብራሪያ የተሻለ ይሠራል። ምርመራው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ከሁሉ የተሻሉት ሁለቱ በመጀመሪያው ሰከንድ አየርም በሙሉው ትንፋሽም ከ150 ሚሊ ሊትር በላይ ካልተለያዩ ይታመናሉ፤ ለጎልማሳ ከስምንት ሙከራ በላይ ማድከም ግን አይመከርም።

ከዚህ በፊት የሚቀድም አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው፣ የሚያልበውና የከሳ ሰው በኃይል ሲተነፍስ ክፍሉን ሁሉ በነቀርሳ ተሕዋስ ሊሞላው ስለሚችል ወደ ስፓይሮሜትር ከመቅረቡ አስቀድሞ አክታው መመርመር አለበት። በሌላ በኩል በርበሬ በስፋት በሚመረትበት በቡሬ አካባቢ በርበሬ በሚቀነጠስበትና በሚደለዝበት ወቅት የሚመጣው ሳል በአመዛኙ የሳል ነርቮች መቆጣት ስለሆነ ብቻውን የቱቦ ጥበት ማስረጃ አይሆንም፤ ሳሉ በፈተናው የመጀመሪያ ሰከንድ ውስጥ ከመጣ ግን ያ ሙከራ ይጣላል።

የሚጠበቀው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ሌላው ታላቅ ጉዳይ ነው። መሣሪያው በጾታ፣ በዕድሜና በቁመት የጤነኞችን መጠን ያሰላል፤ ስለዚህ ቁመት በስሕተት ከገባ ድምዳሜው ሁሉ ይሳሳታል። ጀርባዋ የጎበጠው ሁለተኛዋ ሴት ቆማ ብትለካ 146 ሳንቲ ሜትር ሆና ልትገኝ ትችላለች፤ ለዚያ ቁመት የሚጠበቀው ሙሉ ትንፋሽ ወደ 2.4 ሊትር ስለሚወርድ የእርሷ 2.0 ሊትር ከመቶ 83 ሆኖ ደህና ነሽ ተብላ ትመለሳለች፤ ሕመሙ የቀነሰውን ቁመት እንደ ተፈጥሮ ቁመት መቁጠር ሕመሙን ራሱን መደበቅ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ክንዶቿን ወደ ጎን ዘርግታ ከአንዱ መካከለኛ ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ይለካና፣ የክንድ ርዝመት በብዙ ሰው ከቁመት ትንሽ ስለሚበልጥ በስሌት ተስተካክሎ እውነተኛ ቁመቷ ይገመታል።

የማን ጤነኞች ናቸው መለኪያ የሚሆኑት የሚለው ጥያቄም ከዚህ ይከተላል። መሣሪያዎቹ ለረዥም ጊዜ ይዘው የመጡት በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ላይ የተሠራ ስሌት ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን ከሥራ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ቶራክስ በተባለው የሳንባ ሕክምና መጽሔት ላይ የጤነኛና ሲጋራ የማያጨሱ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶች የትንፋሽ መጠን ያቀረቡት ይህ ጉድለት ገና ብዙዎችን ሳያሳስብ ነበር፤ እንዲህ ያለው ሥራ ለአገሪቱ ሐኪም ከብዙ የውጭ ሰንጠረዥ ይልቅ ይጠቅማል። ዛሬ ግሎባል ላንግ ፈንክሽን ኢኒሺየቲቭ የተባለው ዓለም አቀፍ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ሰዎችን በዘር ከፋፍሎ ያወጣው ስሌት በ2022 ዘር በማይጠይቅ አንድ ስሌት ተሻሽሏል። ስሌቱ ሲቀየር የሚጠበቀው ሙሉ ትንፋሽ በብዙ መቶ ሚሊ ሊትር ሊለወጥ ይችላል፤ ድርሻው ግን የአንድ ሰው ሁለት ልኬቶች ንጽጽር ስለሆነ እምብዛም አይነካም። በመሆኑም የተሳሳተ ስሌት የቱቦ ጥበትን ከመፍጠር ይልቅ ያልነበረ የሳንባ አለመስፋትን ይፈጥራል፣ ወይም የነበረውን ይሰውራል። ድርሻው ከስንት በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል የሚለውም ቢሆን አንድ መልስ የለውም፤ 0.70 ለሁሉም አንድ ድንበር ሆኖ በስፋት ይሠራበታል፣ ነገር ግን ድርሻው በዕድሜ በተፈጥሮ ስለሚወርድ ይህ ድንበር ጤነኛ አረጋዊን ሕመምተኛ፣ የታመመ ወጣትንም ጤነኛ ሊያደርግ ይችላል። ከመቶ ጤነኞች አምስቱ ብቻ ከበታቹ የሚወድቁበትን፣ በዕድሜ የሚለዋወጠውን ድንበር መጠቀም የተሻለ ነው።

የቱቦ ጥበት ከተገኘ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ጥበቱ ይለቃል ወይ የሚለው ነው። ታማሚዋ 400 ማይክሮ ግራም ሳልቡታሞል በአየር ማስገቢያ ዕቃ በኩል ስባ ከ15 ደቂቃ በኋላ ፈተናው ይደገማል። የቡሬዋ ሴት ከመድኃኒቱ በኋላ የመጀመሪያው ሰከንድ አየሯ 1.1 ሊትር፣ ሙሉው 2.2 ሊትር ቢሆን ጥቂት ተሻሽላለች፣ ድርሻዋ ግን ያው 0.50 ነው፤ ጥበቱ የማይለቅ፣ የረዥም ዘመን ጢስ በትናንሽ ቱቦዎች ግድግዳ ላይ የተወው ጠባሳ እንደሆነ ይገመታል። አስም ቢሆን ኖሮ ጭማሪው ብዙ ጊዜ ከዚህ የሰፋ ይሆናል፤ ነገር ግን የአስም ታማሚ ሕመሙ ባልተነሣበት ቀን ቢመረመር ሙሉ በሙሉ ጤነኛ ውጤት ሊያሳይ ስለሚችል አንድ ቀን የተገኘ ደህና ወረቀት አስምን አያስቀርም።

ከሁሉ የሚከብደው ድርሻውም ሙሉው ትንፋሽም አብረው ወርደው የሚገኙበት ጊዜ ነው። በምዕራብ ጎጃም ይህ መልክ በተለይ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ታክመው በዳኑ ሰዎች ላይ ሊታይ ይችላል፤ በሽታው ከአክታ ጠፍቶ ሳለ ጠባሳው አንዱን የሳንባ ክፍል ያኮማትረዋል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ቱቦዎችን ያጣምማል ወይም ያሰፋቸውና አክታ ያቋጥራቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሙሉ ትንፋሹ ያነሰው በተቆለፈ አየር ይሁን በተኮማተረ ሥጋ ወይም በሁለቱም፣ ስፓይሮሜትር ብቻውን ሊናገር አይችልም። የጠቅላላ አቅም መለኪያ በሌለበት የደረት ራጅ ቦታውን በከፊል ይተካል፤ ድያፍራም የተባለው የትንፋሽ ጡንቻ ወደ ታች ወርዶና ዝርግ ሆኖ፣ የጎድን አጥንቶች ተራርቀው፣ ሳንባው ጥቁርና ሠፊ ሆኖ ከታየ አየሩ ተቆልፏል፤ ድያፍራሙ ወደ ላይ ተስቦ፣ የአየር ዋናው ቱቦ ወደ ጠባሳው ዞሮ፣ ሥጋው ነጣ ነጣ ካለ ደግሞ ሳንባው ተኮማትሯል። ሁለቱም በአንድ ራጅ ላይ ከታዩ፣ ወይም ራጁና ትንፋሹ ካልተስማሙ፣ ታማሚው ከዚህ የጠለቀ ምርመራ ወደሚገኝበት ማዕከል ይላካል፤ አብሮትም ቁጥሮቹ ብቻ ሳይሆኑ የሦስቱም ሙከራዎች ሥዕል፣ ቁመቱ እንዴት እንደተለካና የትኛው ስሌት ሥራ ላይ እንደዋለ ተጽፎ መሄድ ይኖርበታል፤ ተቀባዩ ሐኪም 2.0 ሊትር የሚለውን ቁጥር ለማመን የሚያስፈልገው ይህ ነውና።